ቀሪው 22 መጣ፦ ከጅማ ወደ ጀርመን የተላከ የአንድ ክፍያ ታሪክ

ሐጂ ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡና ቆልተው፣ ፈጭተው፣ አሽገው ይሸጣሉ። የሚቆሉበት ትልቁ ማሽን ከጀርመን የመጣ ነው። የማሽኑ እሳት መቆጣጠሪያ ተበላሸና አዲስ ዕቃ ማዘዝ ግድ ሆነ። አቅራቢው ፕሮፎርማ ላከ። ዋጋው 4,860 ዩሮ ነው። ምንዛሪው ተፈቀደ፣ ፎርሙ ተሞላ፣ ገንዘቡ ተላከ። በ17ኛው ቀን ገንዘቡ ተመልሶ መጣ። የተመለሰው ግን 4,815 ዩሮ ነበር። 45ቱን ዩሮ መንገድ ላይ ያሉት ባንኮች ለአገልግሎት ቆርጠውታል።

እኔ ጅማ ውስጥ የጥቂት ትናንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ እሠራለሁ። ሐጂ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ገንዘቡ ተመለሰብኝ። ያውም ጎድሎ። ምን አጠፋን?»

«ሐጂ፣ ፎርሙንና ፕሮፎርማውን ይዘው ይምጡልኝ» አልኳቸው።

ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። የአቅራቢውን እውነተኛ የሂሳብ ቁጥር ግን አደባባይ አላወጣም። በምትኩ ስለ አይባን፣ ማለትም ስለ ዓለም አቀፉ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ ሲጻፍ ለማሳያ የሚቀርበውን የታወቀ የጀርመን ቁጥር እጠቀማለሁ። እኛ ጋ የተፈጠረውን ዓይነት ስህተትም እሱ ላይ አድርጌዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ የዚህ የማሳያ ቁጥር ነው። ካልኩሌተር ይዛችሁ አብራችሁኝ ሥሩ።

ባንኩ ከገንዘቡ ጋር አንድ አጭር ማስታወሻ መልሷል። በላዩ AC01 የሚል ኮድ አለ። ይህ ኮድ በዓለም አቀፍ የክፍያ መልእክቶች ላይ የሂሳብ ቁጥሩ ስህተት ነው ማለት ነው። ስም ስህተት ነው አይልም፣ ገንዘብ አነሰ አይልም። ስለዚህ ፍለጋችን ከቁጥሩ መጀመር ነበረበት። ፎርሙ ላይ በእጅ የተጻፈው ይህ ነው፦

```
DE89 3704 0044 0352 0130 00
```

በወረቀት ላይ IBAN ተብሎ የሚጻፈው፣ እኛ አይባን የምንለው ቁጥር እንደኛ የሂሳብ ቁጥር ዝም ብሎ የተደረደረ አይደለም። በውስጡ ክፍሎች አሉት። DE ጀርመን ማለት ነው። 89 ማረጋገጫ አኃዝ ነው፤ ከቀሩት ቁጥሮች ተሰልቶ የሚገኝ ነው እንጂ ባንኩ እንደፈለገ የሚመርጠው አይደለም። ቀጥሎ ያሉት 8 አኃዞች የባንኩ መለያ ናቸው። የመጨረሻዎቹ 10 የደንበኛው ሂሳብ ናቸው። ድምሩ 22 ነው። የጀርመን አይባን ሁሌም 22 ነው። የኔዘርላንድ 18፣ የኤምሬትስ 23፣ የሳዑዲ 24፣ የጣሊያን 27 ነው። ኢትዮጵያ አይባን አትጠቀምም። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ቁጥር የምናየው ወደ ውጭ ስንልክ ብቻ የሆነው።

መጀመሪያ ቆጠርኩት። 22 ነው። ርዝመቱ ልክ ነው። ከDE በኋላ ያለው ሁሉ አኃዝ ነው፤ በዜሮ ቦታ የገባ የእንግሊዝኛ «ኦ» ፊደል የለም። በእጅ በተጻፈ ፎርም ላይ ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የጀርመን ቁጥር ሲሆን ግን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት በኋላ ፊደል ስለማይገባ በቀላሉ ይታወቃል። የተቀባዩን ባንክ የሚለየውን ስዊፍት ኮድም አየሁት። ስዊፍት ኮድ 8 ወይም 11 ምልክት ነው፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ፊደል የአገሩ ነው። DE ይላል፣ ልክ ነው። ግን ስዊፍት ኮድ በውስጡ ማረጋገጫ አኃዝ የለውም፤ ቅርጹ ከማማሩ ውጪ ምንም አይነግረንም።

የቀረው ስሌቱ ነው። እንዲህ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹን አራት ምልክቶች፣ ማለትም DE89ን፣ አንስታችሁ መጨረሻ ላይ ትወስዳላችሁ። ከዚያ ፊደላቱን በቁጥር ትተካላችሁ። A 10 ነው፣ B 11 ነው፣ እንዲህ እያለ Z 35 ይሆናል። D 13፣ E 14 ናቸው። ፎርሙ ላይ የነበረው ቁጥር ይህን ይሆናል፦

```
370400440352013000131489
```

ይህን ለ97 አካፍሉት። ቀሪው 1 ከሆነ ቁጥሩ ፈተናውን አለፈ። ሌላ ማንኛውም ቀሪ ከመጣ ቁጥሩ የተበላሸ ነው። ሕጉ ይኸው ነው።

ችግሩ ቁጥሩ 24 አኃዝ መሆኑ ነው። የስልክ ካልኩሌተር ይህን ያህል ቁጥር በትክክል አይዝም። ኤክሴልም ቢሆን ከ15ኛው አኃዝ በኋላ ያለውን ወደ ዜሮ ይቀይረዋል። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ ነው። ረጅም የሂሳብ ቁጥር ኤክሴል ላይ እንደ ቁጥር ብትለጥፉ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ድምፅ ሳያሰሙ ይጠፋሉ። ስለዚህ ክፍሉን አስቀድማችሁ Text አድርጉት።

ለካልኩሌተሩ ግን ቀላል ዘዴ አለ፤ ቁጥሩን ቆራርጦ ማካፈል። መጀመሪያ 9 አኃዝ ወሰድኩ፣ 370400440። ለ97 ሳካፍለው 3818561 ከነጥብ ምናምን መጣ። ነጥቡን ትቼ 3818561ን በ97 አበዛሁ፤ 370400417 ሆነ። ከ370400440 ስቀንሰው 23 ቀረኝ። ይህን 23 ከፊት አድርጌ ቀጣዮቹን 7 አኃዞች ከኋላው ቀጠልኩበት፤ 233520130። በዚያው መንገድ ቀሪው 2 ሆነ። እንደገና 2ን ከፊት አድርጌ ቀጣዮቹን 7 ጨመርኩ፤ 20013148። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ቀጣዮቹ 7 አኃዞች 0013148 ናቸው። ፊት ያሉት ሁለት ዜሮዎች ምንም ስላልመሰሉ ብትተዉአቸው ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል። ቀሪው 11 ሆነ። የመጨረሻዋን 9 ስጨምር 119፤ ለ97 ሲካፈል ቀሪው 22።

ሃያ ሁለት። አንድ አይደለም። ሐጂ ከጎኔ ቁጭ ብለው ካልኩሌተሩን ያያሉ።

«በቃ? ይህን ለማወቅ ነው 17 ቀን የጠበቅኩት?»

አዎ፣ ይህንኑ ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ፎርሙ በሐጂ ጸሐፊ እጅ ተጽፎ፣ ቅርንጫፍ ገብቶ፣ አዲስ አበባ ሄዶ፣ በመሐል ባለ ባንክ አልፎ ጀርመን ደርሷል። በዚህ ሁሉ መንገድ ይህችን ማካፈል የሠራት የለም ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የተቀበለው ባንክ ያንን ቁጥር ሂሳቤ ነው ብሎ ስላልተቀበለው መለሰው።

ጉዳዩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ መጻፍም ባላስፈለገኝ። እንድጽፍ ያደረገኝ ቀጥሎ የሆነው ነው።

የሐጂ የወንድም ልጅ አብሯቸው መጥቶ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። እኛ ስናካፍል እሱ ስልኩ ላይ አንድ አይባን የሚሠራ ገጽ አገኘ። የባንክ መለያውንና የሂሳብ ቁጥሩን ከፎርሙ ላይ እያየ አስገባ። ገጹም ይህን አወጣለት፦

```
DE68 3704 0044 0352 0130 00
```

«አገኘሁት!» አለ። «ስህተቱ 89 የሚለው ላይ ነው። 68 መሆን ነበረበት። 68 አድርጋችሁ ለ97 አካፍሉትና እዩ፣ ቀሪው 1 ይመጣል።»

አካፈልነው። እውነትም 1 መጣ። ሐጂ ፊታቸው በራ። «በቃ በዚሁ እንላክ፣ ማሽኑ ቆሟል፣ ደንበኛ እየሸሸኝ ነው።»

እዚህ ላይ ነው ጠንከር ብዬ ሐጂን የለመንኳቸው። «ሐጂ፣ በዚህ ቁጥር እንዳይልኩ። የመጀመሪያው ስህተት ገንዘቡን መልሶልዎታል። ይኼኛው ላይመልሰው ይችላል።»

ምክንያቱ ይህ ነው። ያ ገጽ አቅራቢውን አያውቀውም። የሠራው አንድ ነገር ነው፤ የሰጡትን 18 አኃዝ ወስዶ፣ በማረጋገጫው ቦታ 00 አስገብቶ፣ ለ97 አካፍሎ፣ ቀሪውን ከ98 ቀነሰ። በእኛ ቁጥር ቀሪው 30 ነው። 98 ሲቀነስ 30፣ 68። ማለትም የተሳሳተውን የሂሳብ ቁጥር እንዳለ ተቀብሎ ትክክለኛ ማኅተም መታበት። የማረጋገጫ አኃዙ ጠቅላላ ሥራ ስህተት ሲገባ መጮህ ነው። እኛ ደግሞ ጩኸቱን አፍነን ስህተቱን ልናስቀር ነበር። DE68 ብሎ የሚጀምረው ያ ቁጥር የሌላ ሰው ሂሳብ ቢሆን ኖሮስ? ቁጥሩ ቅርጹም ማረጋገጫውም ልክ ነው። የሚያስቆመው ነገር የለም። ገንዘቡ ሰተት ብሎ ይገባል። ከዚያ ማስመለስ ከማያውቁት ሰው ፈቃድ መጠበቅ ነው።

ልጁ ያየው አንድ እውነት አለ፤ ከሁለቱ አንዱ፣ ወይ ማረጋገጫው ወይ ሂሳቡ፣ ተሳስቷል። የትኛው እንደሆነ ግን ስሌቱ አይናገርም። ቀሪው 22 መሆኑ ስህተት አለ ይላል እንጂ ስህተቱ የት እንዳለ አይጠቁምም። ስለዚህ ከስሌት ወደ ወረቀት መመለስ ነበረብን።

ፕሮፎርማውን ጠየቅሁ። ይዘውት የመጡት በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ነው፣ ያውም የታጠፈ ወረቀት ፎቶ። ዋናው ፋይል የሐጂ ኢሜይል ውስጥ ነበር። ከፈትነው። አራተኛውን ቡድን አኃዝ ሳይ ልቤ ተረጋጋ። ፋይሉ ላይ 0532 ይላል። ፎርሙ ላይ 0352። ጸሐፊው ከፎቶ ሲገለብጥ 5ና 3 ቦታ ተለዋውጠውበታል። ማረጋገጫው 89 ግን መጀመሪያውኑም ልክ ነበር። ልጁ ሊቀይረው የነበረው ያልተሳሳተውን ክፍል ነው።

ትክክለኛውን ቁጥር በዚያው መንገድ አካፈልኩት። የመጀመሪያው ክፍል ያው 23 ነው። ሁለተኛው 235320130፣ ቀሪ 70። ሦስተኛው 700013148፣ ቀሪ 38። መጨረሻው 389፤ 97 በ4 ሲበዛ 388 ነው። ቀሪ 1።

ሁለት ጎረቤት አኃዞች ሲለዋወጡ ይህ ስሌት ሁልጊዜ ይይዛቸዋል። ምክንያቱም እንዲህ ያለ መለዋወጥ ቁጥሩን የሚቀይረው በ9 ብዜት ነው፤ የሁለቱን አኃዞች ልዩነት በ9 አብዝታችሁ ከኋላው ዜሮዎች ትቀጥላላችሁ። 97 ደግሞ ከራሱና ከ1 በቀር ለሌላ የማይካፈል ቁጥር ነው። በዚያ ልዩነት ውስጥ 97 የሚገባበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ቀሪው የግድ ይቀየራል። አንድ አኃዝ ብቻ ሲሳሳትም እንዲሁ ነው። ሁለትና ሦስት ቦታ በአንዴ ከተሳሳተ ግን ዋስትናው ይቀንሳል። እንደ ዕድል የተጻፈ ቁጥር ከ97 አንድ ጊዜ ገደማ ሊያልፍ ይችላል። በእጅ ግልበጣ ላይ የሚያጋጥመው አብዛኛው ስህተት ግን አንዱ አኃዝ ወይም ሁለቱ ጎረቤቶች ናቸው።

ሐጂ አሁንስ እንላክ አሉ። አሁንም አንድ ነገር ቀርቶን ነበር፤ እሱን ሳላስጨርስ ወደ ባንክ አልሸኘኋቸውም።

እኛ አገር ውስጥ በሞባይል ባንኪንግ ስንልክ አንድ ልማድ አለን። ቁጥሩን እናስገባለን፣ የተቀባዩ ስም ይወጣል፣ «አዎ እሱ ነው» ብለን እንልካለን። ቁጥሩን በዓይናችን የምናመሳክረው ትንሽ ነው፤ ስሙን ነው የምናምነው። የሐጂ ጸሐፊም ያንን ልማድ ይዞ ነው ፎርሙን የሞላው። «ስሙን ጽፌያለሁ፣ ካልገጠመ ይነግሩኛል ብዬ ነበር» አለኝ በኋላ። አልፈርድበትም። ወደ ውጭ በሚሄድ ክፍያ ላይ ግን ፊታችን ላይ ብቅ የሚል ስም የለም። በዩሮ አገሮች ያሉ ባንኮች እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ስሙንና አይባኑን አመሳክረው ለላኪው የመንገር ግዴታ አለባቸው። ይህ ግን እዚያው በመካከላቸው ለሚደረግ የዩሮ ዝውውር ነው። ከጅማ ለሚነሳ ክፍያ አያገለግልም።

ስለዚህ ቀሪው 1 መሆኑ የሚነግረን ቁጥሩ በመንገድ አለመበላሸቱን ብቻ ነው። ሂሳቡ ክፍት ነው ወይ? የአቅራቢው ነው ወይ? አያውቅም። አንድ አጭበርባሪ የአቅራቢውን ኢሜይል ሰብሮ ገብቶ ፕሮፎርማው ላይ የራሱን አይባን ቢያስቀምጥ፣ የእሱም ቁጥር ለ97 ተካፍሎ 1 ይሰጣል። ትክክለኛ ሂሳብ ነዋ፤ ሌባው የከፈተው ትክክለኛ ሂሳብ።

ለዚህ ያለው መድኃኒት ስልክ ነው። ግን የትኛው ስልክ? አሁን በመጣው ኢሜይል ግርጌ ያለውን አልደወልንበትም። ማሽኑ መጀመሪያ ሲገዛ የመጣው ሰነድ ሐጂ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከዚያ ላይ ቁጥር ወሰድን። የወንድማቸው ልጅ በእንግሊዝኛ አናገራቸው። አንድ ነገር አስቀድሜ ነግሬው ነበር፤ «አንተ አታንብብላቸው፣ እነሱ ያንብቡልህ።» እኛ ስናነብ የሰለቸ ሰው ሳያይ «አዎ፣ አዎ» ይላል። እነሱ ሲያነቡ ግን ከራሳቸው ወረቀት ላይ ነው የሚያወጡት። አራት አራት አኃዝ እያደረጉ አነበቡ። እኔ ከፋይሉ ጋር አመሳከርኩ። አራተኛው ቡድን ላይ ሲደርሱ ሐጂ ራሳቸው አብረው አሉት፤ «ዜሮ፣ አምስት፣ ሦስት፣ ሁለት።»

ሁለተኛው ፎርም በእጅ አልተጻፈም። ቁጥሩ ከፋይሉ ተገልብጦ ኮምፒውተር ላይ ተለጥፎ ታተመ። ለጸሐፊው ደግሞ ኤክሴል ላይ ትንሽ ማጣሪያ ሠራሁለት። የሚከፍሉት ለጀርመን አቅራቢዎች ብቻ ስለሆነ ለጀርመን ብቻ ነው። A1 ላይ አይባኑን እንደ Text ይለጥፋል፦

```
B1  =SUBSTITUTE(A1," ","")
B2  =MID(B1,5,18)&"1314"&MID(B1,3,2)
B3  =MOD(MID(B2,1,9),97)
B4  =MOD(B3&MID(B2,10,7),97)
B5  =MOD(B4&MID(B2,17,7),97)
B6  =MOD(B5&MID(B2,24,1),97)
B7  =LEN(B1)
```

B6 1፣ B7 22 ካልሆኑ አይላክም። B2 ላይ ያለው 1314 የDE ምትክ ነው። ለሌላ አገር ርዝመቱም ምትኩም ይቀየራል፤ ይህንኑ ፋይል ለጣሊያን አቅራቢ እንዳይጠቀምበት ከላይ በቀይ ጽፌበታለሁ። B7 አንዳንዴ ከ22 በላይ ያሳያል፣ ቁጥሩ ግን ለዓይን ልክ ይመስላል። ከፒዲኤፍ ሲገለበጥ እንደ ተራ ክፍት ቦታ የማይቆጠር ክፍት ቦታ አብሮ ስለሚመጣ ነው፤ SUBSTITUTE አይነካውም። ያኔ በመካከል ያለውን ክፍት ቦታ በእጅ አጥፍቶ እንደገና ማየት ነው።

ገንዘቡ ለሁለተኛ ጊዜ ሰኞ ተላከ። የጎደለውን 45 ዩሮ ሐጂ ሞሉበት። ሐሙስ ጠዋት አቅራቢው ደረሰኝ ብሎ ጻፈ። ልጁ የዚያን ቀን ማታ ደወለልኝ። DE68ን እንደገና ለብቻው ሠርቶት ነበር፣ ከ98 እየቀነሰ። «ገጹ ያደረገውን አሁን ገባኝ» አለኝ።